ከስሌቱ በፊት ፊደሉ

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቅዳሜና እሑድ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን ፊዚክስ አስጠናለሁ። የኤሌክትሪክ ሰርኪት ምዕራፍን ሲሪስ፣ ፓራለልና ቅልቅል ብዬ ከፋፍዬ ለየጥያቄው ዓይነት የተሠራ ምሳሌ አዘጋጀሁላቸው፤ ሃያ ስድስት ገጽ ሆነ። ምሳሌዎቹን በቃላቸው ይዘዋቸዋል፤ ሥዕሉ ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ ግን ይጠፋባቸዋል። ምዕራፉን ወደ ጥቂት የአሠራር ቅጾች ማሳጠር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?»

ውድ መምህር፣

ከገጾቹ አብዛኛው ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን ምሳሌዎቹ የተከፋፈሉት በሥዕሉ መልክ ስለሆነ ማሳጠሩ ብቻውን አይበቃም። ተማሪው «ጎን ለጎን የተሣለ ፓራለል ነው፣ በአንድ መስመር የተደረደረ ሲሪስ ነው» ብሎ ይይዛል፤ ሥዕሉ ሲዞር መያዣው ከእጁ ይወጣል። ሲሪስና ፓራለል የሚናገሩት ስለ ሥዕል መልክ ሳይሆን ሁለት ሬዚስተሮች በጫፎቻቸው እንዴት እንደተገናኙ ነው። የሁለቱም ሬዚስተሮች ጫፎች በተመሳሳይ ሁለት ነጥቦች ላይ ካረፉ ፓራለል ናቸው። አንድ ነጥብ ብቻ ተጋርተው፣ በዚያም ነጥብ ላይ ሌላ ምንም ነገር ካልተያያዘ ሲሪስ ናቸው። «ሌላ ምንም ነገር ካልተያያዘ» የምትለው ሐረግ በተማሪዎች ደብተር ላይ ብዙ ጊዜ ትቀራለች፤ የምዕራፉ ስሕተት ግማሹ የሚመጣው ከእርሷ መቅረት ነው እላለሁ። በጋራው ነጥብ ላይ ሦስተኛ ሽቦ ካለ ከረንቱ እዚያ ይከፈላል፤ ስለዚህ ሁለቱ ሬዚስተሮች አንድ ዓይነት ከረንት ያልፍባቸዋል ብሎ ለመናገር አይቻልም።

በዚህ ምክንያት የቅጹ የመጀመሪያ ሥራ ፊደል መጻፍ ይሁን። ተማሪው እርሳሱን ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አንሥቶ ሽቦውን ይከተል፤ ሬዚስተር እስኪያጋጥመው ድረስ የነካውን ሽቦ ሁሉ «ሀ» ይበለው። ሽቦው ቢታጠፍ፣ ቢከፋፈል፣ የገጹን ዳር ዞሮ ቢመጣም ፊደሉ አይለወጥም። ቀጥሎ ከኔጌቲቩ ጫፍ ተነሥቶ በተመሳሳይ መንገድ የሚነካውን ሁሉ «ለ» ይበል። ከሁለቱም ያልሆነ ነጥብ ከቀረ «መ»፣ «ረ» እያለ ይቀጥላል። ሐን የዘለልኩት ተማሪዎች ሲነጋገሩ ከሀ ጋር በድምፅ ስለምትምታታባቸው ነው። በሥዕሉ ላይ አሜትር ካለ እንደ ሽቦ ይቆጠራል፤ ቮልትሜትር ካለ እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለቱም ጫፎቹ አንድ ፊደል ያገኙ ሬዚስተር ደግሞ በሽቦ ታልፏልና ከረንት አያልፍበትም፤ ከሥዕሉ ሊወጣ ይችላል።

የመጀመሪያው ገጽ የሚከተለውን አንድ ምሳሌ ብቻ ቢይዝ በቂ ነው። 6 ኦም፣ 3 ኦምና 2 ኦም የሆኑ ሦስት ሬዚስተሮች ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ መስመር ተሥለዋል፤ 6 ቮልት ባትሪ ከመስመሩ ሁለት ጫፎች ጋር ተገናኝቷል። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ሽቦ ከመስመሩ ግራ ጫፍ ተነሥቶ በላይ በኩል ዘልሎ በ3 ኦሙና በ2 ኦሙ መካከል ይገባል። ሌላ ሽቦ ደግሞ ከመስመሩ ቀኝ ጫፍ ተነሥቶ በታች በኩል ዘልሎ በ6 ኦሙና በ3 ኦሙ መካከል ይገባል። መልኩን የሚያይ ተማሪ ሦስቱን ደምሮ 11 ኦም ይላል። ፊደል የሚጽፍ ተማሪ ግን የግራው ጫፍ «ሀ» ከሆነ ሽቦው ያንኑ ሀ ወደ 3 ኦሙና 2 ኦሙ መካከል እንደሚወስደው፣ የቀኙም ለ ወደ 6 ኦሙና 3 ኦሙ መካከል እንደሚሄድ ያገኛል። ከዚያ በሥዕሉ ሥር እንዲህ ብሎ ይዘረዝራል፦ 6 ኦሙ ከሀ ወደ ለ፣ 3 ኦሙ ከለ ወደ ሀ፣ 2 ኦሙ ከሀ ወደ ለ። በአንድ መስመር የተሣሉት ሦስቱም ሬዚስተሮች ፓራለል ሆነው ተገኙ። 1/6 + 1/3 + 1/2 = 1 ስለሆነ አቻ ሬዚስታንሱ 1 ኦም ነው፤ ከባትሪው የሚወጣው ከረንትም 6 አምፒር ነው።

በዚሁ ምሳሌ ላይ አንድ ሌላ ስሕተት አብሮ ቢታይ ጥሩ ነው። ተማሪዎች ለሁለት ሬዚስተሮች የሚሠራውን «ብዜታቸው ሲካፈል ለድምራቸው» የሚል አቋራጭ ለሦስት ያውሉታል፤ 36 ሲካፈል ለ11 ብለውም 3.27 ያገኛሉ። ይህ መልስ ከ2 ኦሙ ይበልጣል፤ የፓራለል አቻ ሬዚስታንስ ግን ምንጊዜም ከትንሹ ሬዚስተር ያነሰ ነው፣ አዲስ መተላለፊያ መጨመር ከረንቱን ያቀልለታል እንጂ አያከብድበትምና። አሃዱንም መመልከት ይቻላል፦ ሦስት ኦሞች ተባዝተው ለአንድ ኦም ሲካፈሉ የሚገኘው ኦም ስኩዌር ነው እንጂ ኦም አይደለም።

ሁለተኛው ገጽ የምዕራፉ ልብ ነው፤ ሲሪስና ፓራለል የተደባለቁበትን ሰርኪት ይይዛል። ሲሪስ ብቻውንና ፓራለል ብቻውን የተለያየ ቅጽ አያስፈልጋቸውም፤ ሁለቱም የዚህ የአንዱ ቅጽ አጭር ጉዞዎች ናቸው። 18 ቮልት ባትሪ ይውሰዱ። 4 ኦም ሬዚስተር ከሀ ወደ መ፣ 6 ኦም ከመ ወደ ለ፣ 3 ኦምም ከመ ወደ ለ ይሁኑ።

ጉዞው ወደ ታች ይጀምራል። ተማሪው ዝርዝሩን አይቶ 6 ኦሙና 3 ኦሙ ተመሳሳይ ፊደላት እንዳላቸው ይለያል፤ ፓራለል ናቸውና ወደ 2 ኦም ያሳንሳቸዋል፤ ከመጀመሪያውም ሥዕል በታች አዲስ ሥዕል ይሥላል። በአዲሱ ሥዕል 4 ኦም ከሀ ወደ መ፣ 2 ኦም ከመ ወደ ለ አለ፤ በመ ላይ አሁን ሌላ ምንም ነገር ስለሌለ ሲሪስ ናቸው። ሦስተኛው ሥዕል 6 ኦም ብቻ ይቀረዋል። 18 ሲካፈል ለ6 ከባትሪው የሚወጣውን 3 አምፒር ይሰጣል። በዚህ ደረጃ ምንም እንዳይጠፋ፣ ምንም እንዳይደረብ አጥብቀው ይንገሯቸው፤ ሦስቱ ሥዕሎች ከላይ ወደ ታች ተደርድረው መታየት አለባቸው፤ መመለሻው መንገድ እነርሱ ናቸውና።

ከዚያ ጉዞው ወደ ላይ ይመለሳል። በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ተማሪው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ የምከፍተው ሲሪስ ነው ወይስ ፓራለል? ሲሪስ ሲከፈት የሚወረሰው ከረንቱ ነው፤ ፓራለል ሲከፈት የሚወረሰው ቮልቴጁ ነው። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ሥዕል ሲወጣ 6 ኦሙ ወደ 4 እና 2 ይከፈታል፤ ይህ ሲሪስ ስለሆነ ሁለቱም 3 አምፒር ይወርሳሉ። ስለዚህ በ4 ኦሙ ላይ 12 ቮልት፣ በ2 ኦሙ ላይ 6 ቮልት ይገኛል። ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ሲወጣ 2 ኦሙ ወደ 6 እና 3 ይከፈታል፤ ይህ ፓራለል ስለሆነ ሁለቱም 6 ቮልት ይወርሳሉ። በ6 ኦሙ 1 አምፒር፣ በ3 ኦሙ 2 አምፒር ያልፋል። ተማሪው ያገኘውን በየሬዚስተሩ አንጻር ሬዚስታንስ፣ ከረንትና ቮልቴጅ በሚል ሠንጠረዥ ይሞላል፤ በአንድ ረድፍ ሁለቱ ከታወቁ ሦስተኛው በኦም ሕግ ይገኛል።

ማረጋገጫው የሚሠራው በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ነው። በመ ላይ የገባው 3 አምፒር፣ የወጣው 1 እና 2 አምፒር ነው። ከሀ እስከ ለ ባለው መንገድ 12 እና 6 ቮልት ተደምረው የባትሪውን 18 ይሰጣሉ። ባትሪው የሚሰጠው 54 ዋት፣ ሬዚስተሮቹ ከሚወስዱት 36፣ 6 እና 12 ዋት ድምር ጋር እኩል ነው። የተሠራ ምሳሌ የሚጠቅመው ግን ትክክለኛው መንገድ ብቻ ሲታይበት አይደለም፤ ተማሪው የሚሳሳትባቸው መንገዶችም በእነዚሁ ቁጥሮች ተሠርተው ቢታዩ መልካም ነው። የመጀመሪያው ተማሪ 1/6 + 1/3 = 1/2 ብሎ መገልበጡን ይረሳል፤ አቻውን 0.5 ኦም አድርጎ ጠቅላላውን 4.5 ያደርሳል፤ 18 ለ4.5 ሲካፈልም ድፍን 4 አምፒር ይወጣለታል። ቁጥሩ ስላማረ አይጠራጠርም። ሲመለስ ግን በፓራለሉ ላይ 2 ቮልት ብቻ ያገኛል፤ የሁለቱ ቅርንጫፎች ከረንት ተደምሮ 1 አምፒር ይሆናል እንጂ 4 አይሆንም። ከትንሹ ያነሰ ይሁን የሚለው ማረጋገጫ ይህን አይዝም፣ 0.5 በእርግጥ ከ3 ያንሳልና። ስለዚህ ለሁለት ሬዚስተሮች ጠበቅ ያለውን ያስተምሯቸው፦ አቻው ከትንሹ ያንሳል፣ ከትንሹ ግማሽ ግን ይበልጣል ወይም እኩል ይሆናል። ለእኛ ምሳሌ በ1.5 እና በ3 መካከል መውደቅ አለበት።

ሁለተኛው ተማሪ «በፓራለል ቮልቴጅ እኩል ነው» የሚለውን ይዞ 18 ቮልቱን በቀጥታ ለ6 ኦሙና ለ3 ኦሙ ይሰጣል። 3 እና 6 አምፒር ያገኛል፤ ድምሩ 9 ይሆንና ከ3 አምፒሩ ጋር ይጋጫል። ይህ ተማሪ ሕጉን አልሳተም፤ እኩል የሆነው የትኛው ቮልቴጅ እንደሆነ አላየም። ፊደሉ ይህን ይነግረዋል፦ የባትሪው ቮልቴጅ ከሀ እስከ ለ ያለው ነው፤ የሁለቱ ሬዚስተሮች ግን ከመ እስከ ለ ያለው ነው። ሦስተኛው ተማሪ 3 አምፒሩን ለሁለት እኩል ከፍሎ 1.5፣ 1.5 ይሰጣል። የከረንቱ ድምር ትክክል ስለሚመጣ ይረካል፤ ቮልቴጁን ቢያሰላ ግን በአንዱ 9፣ በሌላው 4.5 ቮልት ያገኝ ነበር፤ በተመሳሳይ ሁለት ነጥቦች መካከል ሁለት የተለያየ ቮልቴጅ ደግሞ ሊኖር አይችልም። የከረንትም የቮልቴጅም ማረጋገጫ ይሠራ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሮቹን ሲመርጡ ይህን ሁሉ ያስቡበት። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ለፈተና 12 ቮልት ባትሪ፣ 4 ኦም በሲሪስ፣ 6 እና 12 ኦም በፓራለል አድርጌ አውጥቼ ነበር። የ6 እና የ12 አቻ 4 ኦም ስለሆነ ቮልቴጁ በትክክል ለሁለት ተከፍሎ 6 እና 6 ይሆናል። ወረቀቶቹን ሳርም «ሁለት ክፍል ስላለ ቮልቴጁ ለሁለት ይካፈላል» ብለው የጻፉ ተማሪዎች ሙሉ ትክክለኛ መልስ ይዘው አገኘኋቸው። ጥያቄው አላዋቂነታቸውን ሸፈነላቸው፤ ጉዳቱም በሚቀጥለው ፈተና ደረሰባቸው። ጥሩ ምሳሌ እያንዳንዱ የተሳሳተ መንገድ የተለየ መልስ የሚሰጥበት ነው።

ማረጋገጫዎቹ ሁሉ የማይዙት አንድ ስሕተት መኖሩንም አይርሱ። በመጀመሪያው ገጽ ምሳሌ ሦስቱን ሲሪስ ነው ብሎ 11 ኦም ያለው ተማሪ ከረንቱን 6/11 አምፒር አድርጎ ቢቀጥል የቮልቴጁ ድምር ልክ 6 ቮልት ይመጣለታል፤ ዋቱም ይገጥማል። የሠራው በትክክል ነው፤ የሠራው ግን ሌላ ሰርኪት ነው። የፊደሉ ሥራ ስለዚህ የራሱ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። አንዱ ተማሪ ሥዕሉን ደብቆ የፊደል ዝርዝሩን ብቻ ለጓደኛው ይስጥ፤ ጓደኛው ከዝርዝሩ ብቻ ተነሥቶ ሰርኪቱን ይሣል፤ ከዚያ ሁለቱን ሥዕሎች ያስተያዩ። መልካቸው ሊለያይ ይችላል፤ የትኛው ሬዚስተር ከየትኛው ነጥብ ወደ የትኛው ነጥብ እንደሄደ ግን መለያየት የለበትም። ተማሪዎችዎ «ሥዕሉ ዞሮ መጣብን» የሚሉት ነገር በዚህ ልምምድ ላይ በእጃቸው ይዞራል።

ሦስተኛው ገጽ ቁጥር የማይጠይቁ የሚመስሉ ጥያቄዎችን ይያዝ፦ «ሬዚስተር ቢነቀል ወይም ቢጨመር የሌላው አምፖል ድምቀት ምን ይሆናል?» የሚሉትን። ለእናንተ አካባቢ ልጆች ምሳሌው ቤታቸው አለ። በዳር አካባቢ ብዙ ቤት መብራት የሚያገኘው ከምሰሶው ረጅም ርቀት በተጎተተ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል። በቤት ውስጥ ያለው ቮልቴጅ 220 አካባቢ ነው፤ የሽቦውም ሬዚስታንስ ከዕቃዎቹ አንጻር በጣም ትንሽ ነው፤ አደራደሩ ግን ከሁለተኛው ገጽ ምሳሌያችን ጋር አንድ ነው። 4 ኦሙን ሽቦው፣ 6 ኦሙን አምፖሉ፣ 3 ኦሙን ምጣዱ አድርጋችሁ አስቡ ይበሏቸው። ምጣዱ ሳይሰካ ጠቅላላው 10 ኦም፣ ከረንቱ 1.8 አምፒር፣ አምፖሉ ላይ ያለው 10.8 ቮልት ነው። ምጣዱ ሲሰካ ጠቅላላው ወደ 6 ኦም ይወርዳል፣ ከረንቱ ወደ 3 አምፒር ይወጣል፣ ሽቦው 12 ቮልት ይበላል፣ ለአምፖሉ 6 ቮልት ብቻ ይቀራል። የቅጹ ቅደም ተከተልም ከዚሁ ይወጣል፦ አቻው ምን ሆነ፣ ጠቅላላ ከረንቱ ምን ሆነ፣ ሲሪስ ያለው ምን ያህል ወሰደ፣ ለቀሪው ምን ተረፈለት። «ፓራለል ላይ ያለ አምፖል በጎረቤቱ አይነካም» ብሎ የሸመደደ ተማሪ፣ ይህ እውነት የሚሆነው ከፓራለሉ በፊት ሲሪስ የሆነ ነገር ከሌለ ብቻ መሆኑን እዚህ ያገኘዋል። የባትሪ የውስጥ ሬዚስታንስ ያለበት ጥያቄም ይኸው ነው፤ የውስጡን ሬዚስታንስ በ4 ኦሙ ቦታ ይሣሉት፤ የተለየ ገጽ አያስፈልገውም።

በዚሁ ገጽ ግርጌ ቅጹ የማይሠራበትን ሰርኪት እንዲያስቀምጡ አጥብቄ እመክራለሁ። 2 ኦም ከሀ ወደ መ፣ 4 ኦም ከመ ወደ ለ፣ 3 ኦም ከሀ ወደ ረ፣ 5 ኦም ከረ ወደ ለ ይሁኑ፤ አንድ 1 ኦም ሬዚስተር ደግሞ መን ከረ ጋር ያገናኝ። ተማሪው ዝርዝሩን ሲያይ ተመሳሳይ ሁለት ፊደላት ያላቸው ጥንድ አያገኝም፤ ስለዚህ ፓራለል የለም። በመ ላይም ሆነ በረ ላይ ሦስት ሬዚስተሮች ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ሲሪስም የለም። ወደ ታች የሚወርድበት የመጀመሪያ ደረጃ እንኳ አይገኝም፤ እንዲህ ያለው በኪርኾፍ ሕጎች በእኩልታ ይፈታል። የመጨረሻውን 5 ኦም በ6 ቢተኩት ግን 2 ለ4 እና 3 ለ6 እኩል ንጽጽር ስለሚሆኑ መ እና ረ ተመሳሳይ ቮልቴጅ ላይ ይቀመጣሉ፤ በመካከል ያለው 1 ኦም ከረንት አያልፍበትምና ይነሣል፤ የቀረው 6 እና 9 ኦም በፓራለል ሆነው 3.6 ኦም ይሰጣሉ። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያድርጓቸው፤ ለፊተኛው የሚጠበቀውም ሙሉ መልስ «ሲሪስም ፓራለልም የሆነ ጥንድ የለም፤ በዚህ ቅጽ አይፈታም» የሚል ይሁን፤ ለእርሱም ሙሉ ነጥብ ይስጡ።